ፖሊሲው አፍ መዝጊያ እንዳይሆን

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። 90 ያህል ሠራተኞች አሉን። ባለፈው ወር አንድ የመስክ ሠራተኛችን ማታ ፌስቡክ ላይ «የውሎ አበል ካገኘን ሁለት ወር ሞላን፤ አለቆቻችን ግን አዲስ መኪና እየገዙ ነው» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ብዙ ሼር ተደረገ። አንድ ለጋሽም ደውሎ ጉዳዩን ጠየቀ። ዳይሬክተራችን በጣም ተቆጡና በሁለት ሳምንት ውስጥ የማኅበራዊ ሚዲያ ፖሊሲ እንዳረቅ አዘዙኝ። እንዲገባ የሚፈልጉት ይህ ነው፦ ማንም ሠራተኛ የድርጅቱን መልካም ስም የሚያጎድፍ ነገር አይጽፍም፤ ስለ ድርጅቱ ከመጻፉ በፊት ያስፈቅዳል፤ የእኔ ክፍል የሠራተኞችን ገጽ ይከታተላል፤ የጣሰ ይሰናበታል። ልጁም በዚሁ እንዲቀጣ ይፈልጋሉ።

አበሉ በእርግጥ ዘግይቷል። መኪናው ግን ለሌላ ፕሮጀክት በተመደበ ገንዘብ የተገዛ ነው። ዳይሬክተሩን እረዳቸዋለሁ። ለጋሽ ቢሸሸን የምንጎዳው ሁላችንም ነን። ግን እኔም ፌስቡክ ላይ ሐሳቤን የምጽፍ ሰው ነኝ። የባልደረቦቼን ገጽ ስሰልል መዋል አልፈልግም። እምቢ ብል ደግሞ ሥራዬን ያልሠራሁ እመስላለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ረቂቁ ያስጨነቀኝ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ደስ አሰኝቶኛል። ልጁም ዳይሬክተሩም ገብተውሻል። እንዲህ ያለ ሰነድ ማርቀቅ ያለበት ሁለቱንም ወገን የሚረዳ ሰው ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሌላ አትተዪው።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱን ጉዳዮች ለዪያቸው። የልጁ ጉዳይ አንድ ነው፤ ፖሊሲው ሌላ። ልጁ በጻፈበት ማታ ያልነበረ ደንብ ሊቀጣው አይችልም። ይህ የሕግ ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ የፍትሕ ስሜት ነው። ነገሩ ከተቀላቀለ ደግሞ ሠራተኛው ሰነዱን ገና ሳያነበው «የእገሌ ሕግ» ብሎ ስም ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል አሳምረሽ ብትጽፊው የበቀል ወረቀት ተደርጎ ነው የሚታየው። ለዳይሬክተሩ በመጀመሪያ የምትነግሪያቸው ይህንን ይሁን። ፖሊሲው ከጸደቀበትና ለሠራተኛው ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ነው የሚሠራው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ልጁን እስካሁን ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ሰው አለ? ፌስቡክ ላይ ከመጻፉ በፊት አበሉን ማንን ጠይቆ ነበር? ምን ተባለ? ደብዳቤሽ ውስጥ ይህንን አላገኘሁትም። መልሱ ግን ለፖሊሲሽ ወሳኝ ነው። ሂሳብ ክፍል ሦስት ጊዜ ተመላልሶ «ነገ ና» ከተባለ፣ ችግሩ ያለው ፌስቡክ ላይ አይደለም። ማንንም ሳይጠይቅ ከጻፈ ደግሞ ለምን እንዳልጠየቀ ማወቅ ያስፈልግሻል። የት እንደሚጠየቅ ስለማያውቅ ነው? ወይስ የጠየቀ ሰው ሲገላመጥ ስላየ?

አሁን ወደ ረቂቁ እንምጣ። ዳይሬክተሩ ከሰጡሽ ነጥቦች ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። «መልካም ስም የሚያጎድፍ» የሚለው አባባል ሲሰሙት ምንም ክፋት የለበትም። ብዙ ድርጅቶችም ይጠቀሙበታል። ችግሩ ሠራተኛው ከመጻፉ በፊት ምን እንደተከለከለ አለማወቁ ነው። ጽሑፉ ስም ማጉደፉና አለማጉደፉ የሚታወቀው ከተጻፈ በኋላ፣ አለቃ ሲቆጣ ነው። ሁለት አለቆች አንድን ጽሑፍ አይተው የተለያየ ፍርድ ይሰጣሉ። ውጤቱም ሁለት ዓይነት ነው። ጠንቃቃው ሰው ጭራሽ ዝም ይላል። ደፋሩ ደግሞ በውሸት ስም በተከፈተ አካውንት መጻፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ማን እንደጻፈው እንኳ ስለማይታወቅ ልታነጋግሪው አትችዪም።

ፍርድ ቤት ቢደርስም አባባሉ የሚታሰበውን ያህል አያዋጣም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የቤቶች ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ስለ አንድ አከራካሪ ማኅበራዊ ጉዳይ በግል የፌስቡክ ገጹ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ አጭር አስተያየት ጻፈ። ድርጅቱ ስሜን አጎደፈ ብሎ ከደረጃው ዝቅ አደረገው። ደመወዙም 40 በመቶ ያህል ተቀነሰ። በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድርጅቱ ውሉን አፍርሷል ሲል ፈረደ። ገጹ ላይ የት እንደሚሠራ መጻፉ ብቻውን፣ በድርጅቱ ስም ተናገረ አያሰኘውም ተባለ። የሚያነበው ሰው የግለሰቡ አስተያየት መሆኑን ይረዳል። ልብ በይ ግን፣ ሰውየው ረትቶም ያገኘው ካሳ ከ100 ፓውንድ በታች ነበር። ድርጅቱ ተሸነፈ፤ ሠራተኛውም ተጎዳ። ግልጽ ያልሆነ ደንብ ሁለቱንም እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው።

ስለዚህ ሰነዱ ውስጥ አለቃን የሚያስቆጣውን ሳይሆን በእርግጥ ሰው የሚጎዳውን ነገር በስሙ ጥሪው። ይህንን ከዳይሬክተሩ ጋር ማድረግ ይቻላል። አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ጠይቂያቸውና እንዲህ በያቸው፦ «የእኛ ሠራተኛ ሊጽፈው ወይም ሊለጥፈው ከሚችለው ነገር ሁሉ፣ ሊመለስ የማይችል ጉዳት የሚያመጣው የቱ ነው?» ንዴታቸው ሲበርድ የሚመጣው ዝርዝር ከአበል ወቀሳ በጣም የራቀ እንደሚሆን እገምታለሁ። በእርዳታ ሥራ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው አደጋ የሚታወቅ ነው። የተረጂ ሕፃን ፎቶ ከነስሙና ከነመንደሩ ይወጣል። የተረጂዎች የስም ዝርዝር በስክሪንሾት ይሾልካል። የመስክ ቡድን ገና መንገድ ላይ እያለ የት እንዳለ ይለጠፋል። ሠራተኛ የሚያገለግለውን ሕዝብ ይሳደባል። አንድ ሰው ሳይወከል «ድርጅታችን የሚለው እንዲህ ነው» እያለ ይናገራል። ባልደረባ ባልደረባውን በአደባባይ ያዋርዳል ወይም ያስፈራራል።

ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ሲፈጸሙ ማንም እንደማይቆጣ ታውቂያለሽ? የሕፃኗን ፎቶ የለጠፈችው ሠራተኛ «ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን የዚህችን ልጅ ሕይወት አተረፍን» ብላ ነው የምትጽፈው። ሰው ሁሉ ልብ ይሰጣታል። ምናልባት አለቃዋም ላይክ ያደርጋል። ልጅቷ ግን በምግብ እጥረት ተኝታ የነበረችበት ምስል ከነስሟ ለዘለዓለም ወጥቶ ቀረ። ቤተሰቧን ማንም አልጠየቀም። ወቀሳን ብቻ የሚያሳድድ ፖሊሲ ይህንን ጽሑፍ አያየውም። ሠራተኞቻችሁ በቅርብ ጊዜ ካወጧቸው ፎቶዎች መካከል በድርጅቱ ይፋዊ ገጽ ላይ ሼር የተደረጉትን ብቻ አንድ ጊዜ ተመልከቻቸው። ለዳይሬክተሩ የምታሳዪው ጥሩ ምሳሌ ከዚያ አታጪም።

እነዚህን ይዘሽ ዋናውን አንቀጽ እንደዚህ ልትጽፊው ትችያለሽ። እንደ መነሻ ውሰጂውና በራሳችሁ አነጋገር አስተካክዪው።

«የግል ገጽዎ የእርስዎ ነው። በእሱ ላይ ሐሳብዎን ለመግለጽ የድርጅቱ ፈቃድ አያስፈልግዎትም። ስለ ደመወዝዎ፣ ስለ አበልዎ፣ ስለ ሥራ ሁኔታዎ መናገርም ሆነ ከባልደረቦችዎ ጋር መወያየት አያስቀጣም። ሕገ ወጥ ሥራን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማመልከትም አያስቀጣም። የሚከተሉት ግን በግል ገጽም፣ በዝግ ግሩፕም አይፈቀዱም፦ የተረጂን ማንነት የሚያሳይ ፎቶ ወይም መረጃ ያለ ጽሑፍ ስምምነት ማውጣት፤ በሥራ ያገኙትን ምስጢራዊ ሰነድ ማጋራት፤ ቡድን ከመስክ ሳይመለስ ያለበትን ቦታ መግለጽ፤ ውክልና ሳይኖር በድርጅቱ ስም መናገር፤ ባልደረባን፣ ተረጂን ወይም የምናገለግለውን ማኅበረሰብ ማስፈራራት ወይም በማንነቱ ማዋረድ፤ ውሸት መሆኑን እያወቁ ስለ ድርጅቱ ወይም ስለ ሰው መጻፍ።»

እንደምታዪው የሚፈቀደው ይቀድማል። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት። ክልከላ ብቻ የያዘ ሰነድ ሲያነብ ሰው ቀሪው ሁሉ የተከለከለ ይመስለዋል። በጽሑፍ የተረጋገጠለት መብት ግን ነገ ሌላ አለቃ ቢመጣም ሊያሳየው የሚችለው ነገር ነው። የደመወዙና የአበሉ ዓረፍተ ነገር እንዳይወጣ ታገዪለት። በብዙ አገሮች ሠራተኛ ስለ ሥራ ሁኔታው ከባልደረቦቹ ጋር የመነጋገር መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ይህ መብት ከ1935 ጀምሮ በሠራተኛ ሕግ ውስጥ አለ፤ ዛሬ ፌስቡክ ላይ የሚደረግ ውይይትንም ይጨምራል። የእናንተን አገር ሕግና የኅብረት ስምምነት ካላችሁ እሱን፣ የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አይቶ ያረጋግጥላችሁ።

አንቀጹን ከጻፍሽ በኋላ ዝም ብለሽ አትላኪው። በእውነተኛ ወይም ሊያጋጥሙ በሚችሉ ጽሑፎች ፈትኚው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንብበው አንድ ዓይነት መልስ ካልሰጡ አንቀጹ ገና አልጠራም ማለት ነው። እስቲ በናንተው እንጀምር።

የልጁ ጽሑፍ ሁለት ነገር ይዟል። «አበል ካገኘን ሁለት ወር ሞላን» የሚለው እውነት ነው። ስለ ሥራ ሁኔታው ነው። አይከለከልም። «አለቆቻችን መኪና እየገዙ ነው» የሚለው ደግሞ ግማሹ ልክ ነው፤ መኪና ተገዝቷል። አንባቢው የሚረዳው ግን የእኛን አበል ለመኪና አዋሉት ብሎ ነው። ይህ ስህተት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር? የመስክ ሠራተኛ የፕሮጀክት በጀት አያይም። ያየው አዲስ መኪና ግቢ ውስጥ መቆሙን ነው። «እያወቁ» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ሥራዋን ትሠራለች። ባለማወቅ የተሳሳተ ሰው ይታረማል እንጂ አይቀጣም። ከተነገረው በኋላ ያንኑ ደጋግሞ ቢጽፍ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሕፃኗ ፎቶ፣ ምስጋናም ቢሆን፣ አንቀጹን ይጥሳል። ግን ሠራተኛዋ ክፉ አልሠራችም። የመጀመሪያ ጊዜዋ ከሆነ ፎቶውን በዚያኑ ቀን ታነሳለች፤ ለምን እንደሆነ ይገለጽላታል፤ በዚያ ያበቃል።

ሦስተኛው ከባድ ነው። አንድ ሠራተኛ በዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ ተረጂዎች የሚያዋርድ ቀልድ ጻፈ። አንድ ሰው ስክሪንሾት አድርጎ አወጣው። «ዝግ ግሩፕ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ቢሆንም ያንን ያነበበ ተረጂ ነገ ያንን ሰው አምኖ ችግሩን ይነግረዋል? ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አንቀጹ ዝግ ግሩፕንም ያካትታል። ያም ሆኖ እናንተ ግሩፑ ውስጥ ገብታችሁ አትፈልጉም። ተጎጂው ወይም ያየው ሰው ካመጣው ብቻ ነው የሚታየው።

አራተኛው አንድ ሹፌር በግል ገጹ ስለ ምርጫ የጻፈው አስተያየት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ማንንም አልሰደበም። ዳይሬክተሩ በሐሳቡ አይስማሙም። አይከለከልም። ላይክ ያደረገውም እንደዚያው። ቱርክ ውስጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ፌስቡክ ላይ ላይክ ባደረገቻቸው ጽሑፎች ምክንያት ከሥራ ተባርራ ነበር። በ2021 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሐሳብን የመግለጽ መብቷ ተጥሷል አለ። ላይክ ማድረግ ራስ ጽፎ እንደማውጣት የሚመዘን አይደለም፤ የሥራ ድርሻዋም ሲታይ የምታደርገው ነገር ሊያመጣ የሚችለው ተጽዕኖ ትንሽ ነበር።

እዚህ ላይ የምትጨምሪው አንድ ሐሳብ አለ። ሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። ሹፌሩ ስለ ምርጫ ቢጽፍ ማንም ድርጅቱ ተናገረ አይልም። ዳይሬክተሩ ቢጽፉ ግን «ሐሳቡ የግሌ ነው» የሚል መስመር ከሥር ቢያስቀምጡም ሰው የድርጅቱ አቋም አድርጎ ይወስደዋል። ይህ መስመር ለተራው ሠራተኛ ይጠቅማል፤ ግልጽ ያደርጋል። የሾለከ ምስጢርን ወይም ስድብን ግን አያጥበውም። ስለዚህ ሥራ አመራሩ፣ ቃል አቀባዩና በሕዝብ ዘንድ በድርጅቱ ስም የሚታወቁ ሰዎች ጠበቅ ያለ ግዴታ ይኑራቸው። ስማቸው ሳይሆን የሥራ መደባቸው ሰነዱ ውስጥ ይጻፍ። ጥብቁ ክፍል ወደ ላይ ሲሆን ሠራተኛው ሰነዱን በሌላ ዓይን ያየዋል። አንቺም የሰው ኃይል ኃላፊ እንደመሆንሽ ከነሱ ውስጥ ነሽ። ሐሳብሽን መጻፍሽን ቀጥዪ። ነገር ግን የሠራተኛ ጉዳይ፣ ስም ባትጠሪም፣ በገጽሽ ላይ አይነሳ። ሰው ማንን እንዳልሽ ያውቃል።

ቀድሞ ማስፈቀድ የሚለውን ነጥብ በተመለከተ ለዳይሬክተሩ አንድ ነገር አስረጂያቸው። የፈቀዳችሁት ጽሑፍ የናንተ ይሆናል። ሠራተኛው አስፈቅዶ ከጻፈና ስህተት ከተገኘበት ለጋሹ «እናንተ አይታችሁ አሳልፋችሁታል» ይላል። የግሉ ሐሳብ የነበረው የድርጅቱ ቃል ሆነ ማለት ነው። ደግሞስ 90 ሰው የሚጽፈውን ማን ያነባል? መልስ ሲዘገይ ሰው ማስፈቀዱን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ደንብ ጣሽ ይሆንና የምትቀጡት የማትወዱትን ብቻ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ በፈቃደኝነት የሚጠየቅ ሰው መድቡ። «ይህን ብለጥፍ ችግር አለው?» ብሎ ለሚጠይቅ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሰው። መልሱ ምክር ነው፤ ፈቃድ አይደለም። ማስፈቀድ የሚያስፈልገው በድርጅቱ ይፋዊ ገጽ ለሚወጣና የተረጂ ምስል ላለበት ነገር ብቻ ነው።

ክትትሉን በሚመለከት ልብሽ የነገረሽ ልክ ነው። የሠራተኛን ገጽ በየቀኑ የሚያይ ክፍል ማንም ቅሬታ ይዞ የማይመጣበት ክፍል ይሆናል። የሰው ኃይል ሥራሽ በዚያው ሞተ ማለት ነው። በዚያ ላይ ስታዪ ያልፈለግሽውን ታያለሽ። የአንዷን እርግዝና፣ የአንዱን ሕመም፣ የአንዱን ሃይማኖት ታውቂያለሽ። በኋላ ዕድገት ስትከለክዪው «ይህንን አይታ ነው» ቢል ምን ትመልሺለታለሽ? ፖሊሲው ውስጥ በግልጽ አስቀምጪው፦ ድርጅቱ የግል ገጾችን አይከታተልም፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ማንም አለቃ ሠራተኛውን የፌስቡክ ጓደኛ እንዲያደርገው አያስገድድም። ጉዳይ የሚታየው አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ነው። የሚያዩትም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም የተከሳሹ የቅርብ አለቃ አይሁኑ። የሚያዩትም የተጠቆመውን ጽሑፍ እንጂ የሰውየውን ገጽ በሙሉ አይደለም። የድርጅቱን ኮምፒውተርና አካውንት መከታተል የግድ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚታይና እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለሠራተኛው አስቀድሞ ይነገረዋል። ሩማንያ ውስጥ በሥራ ቦታ የመልእክት አካውንት ላይ የግል ነገር በመጻፉ የተባረረ አንድ መሐንዲስ ጉዳይ እስከ አውሮፓው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 የተወሰነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። የክትትሉ ዓይነትና ስፋት አስቀድሞ አልተነገረውም ነበር።

«የጣሰ ይሰናበታል» የሚለውም ይውጣ። ለሁሉም ጥፋት አንድ ቅጣት ሲኖር ቅጣቱ ወይ አይሠራም፣ ወይ ሲሠራ ያለ ልክ ይሆናል። በምትኩ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎችን ጻፊ። ማን ተጎዳ? ጉዳቱስ ምን ያህል ነው? ሆን ተብሎ ነው ወይስ ባለማወቅ? ሲነገረው ወዲያው አነሳው? የሥራ ድርሻው ምንድን ነው? ከዚህ በፊት ተነግሮት ያውቃል? ሠራተኛው ራሱ ምን ይላል? ከዚያ በኋላ በሥራ መመሪያችሁ ውስጥ ያሉት የዲሲፕሊን ደረጃዎች ይከተላሉ። አዲስ የቅጣት ሰንጠረዥ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንቀጽ የቅሬታ መንገድ ነው። የልጁን ጽሑፍ የወለደው የፌስቡክ ደንብ አለመኖሩ አይመስለኝም። አበል ሲዘገይ ማን ያስታውቃል? በስንት ቀን? ለጥያቄ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስገቢው። ለምሳሌ ክፍያ ከቀኑ ካለፈ ሂሳብ ክፍል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያቱንና አዲሱን ቀን ለሠራተኛው በጽሑፍ ያሳውቃል ብለሽ። «መጀመሪያ እዚህ ጠይቁ» ብሎ ማበረታታት ጥሩ ነው። «ሳትጠይቁ ውጭ ከተናገራችሁ ትቀጣላችሁ» ካልሽ ግን ከፊት በር ያስወጣሽውን ክልከላ በጓሮ በር መለስሽው።

ጊዜሽ ሁለት ሳምንት ነው። ጠባብ ቢሆንም ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ከዳይሬክተሩ ጋር ያልኩሽን ንግግር አድርጊ። ከዚያ ከየሥራ ዘርፉ ስድስት ሰባት ሰው ሰብስቢ። ሹፌር፣ ጥበቃ፣ የመስክ ሠራተኛ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ይኑሩበት፤ አለቆች ባይኖሩ ይሻላል። አንቀጹን ሳይሆን ምሳሌዎቹን ስጪያቸው። «ይህ ቢለጠፍ ምን ትላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ከእኔም ከአንቺም የተሻሉ ምሳሌዎች ያመጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት ጠበቃው ይየው። ሰነዱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ሠራተኛው በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ። ሲታደል ወረቀት አስፈርሞ መበተን ብቻውን አይበቃም። በምሳሌዎቹ ላይ የአንድ ሰዓት ውይይት አድርጉ፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዳይሬክተሩ «ይህ ለስላሳ ነው» ቢሉሽስ? ሊሉ ይችላሉ። ስማቸውን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ በዚሁ ጉዳይ አሳዪያቸው። ለደወለው ለጋሽ ምን ተባለ? እኔ ብሆን እንዲህ የሚል አጭር ደብዳቤ ነበር የማረቅቅላቸው፦ አበሉ በእርግጥ ዘግይቷል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዚህ ቀን ይከፈላል፤ መኪናው ከዚህ በጀት የተገዛ ነው፤ ሰነዱ ተያይዟል። ለጋሾች የገንዘብ መዘግየት ያውቃሉ። የሚያስፈራቸው መደበቅ ነው። ልጁ ተባረረ የሚል ሁለተኛ ጽሑፍ ቢወጣ ግን ለዚያ ማያያዝ የምትችሉት ሰነድ የለም። ይህንንም ካልተቀበሉ ስጋትሽን በአንድ ገጽ ማስታወሻ አድርገሽ፣ የጠበቃውን አስተያየት ይጠይቁ ዘንድ በትሕትና አቅርቢላቸው። ቅጂው ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጥ። ያን ስታደርጊ እምቢ አላልሽም፤ ሥራሽን ሠራሽ።

ልጁንም አነጋግሪው። ብቻውን፣ ያለ ማስፈራሪያ። አበሉ መቼ እንደሚከፈል ንገሪው። የመኪናውን በጀት አሳዪው። ከፈለገ ጽሑፉ ላይ ማስተካከያ እንዲጨምር ጠይቂው፤ አጥፋው አትበዪው። የጠፋ ጽሑፍ ስክሪንሾቱ ይቀራል፤ «አስጠፉት» የሚል ወሬም ይጨመርበታል። እምቢ ካለም ይተው። ድርጅቱ እውነቱን በራሱ ገጽ መጻፍ ይችላል።

ሰነዱ ሥራ ላይ ከዋለ ስድስት ወር ሲሆነው የቀረቡትን ጉዳዮች በሙሉ አንድ ላይ አውጥተሽ ተመልከቻቸው። ማን ተጠየቀ? በምን? የተጠየቁት ሁሉ ድርጅቱን የወቀሱ ሰዎች ከሆኑና የተረጂ ፎቶ በመለጠፍ የተጠየቀ አንድም ሰው ከሌለ፣ አንቀጾቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ሥራ ላይ የዋለው ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ ያዘዙሽ ፖሊሲ ነው። ያን ጊዜ የሚታረመው ሰነዱ ሳይሆን አቤቱታ ሲመጣ የሚያዩት ሁለት ሰዎች አመራረጥ ነው። ከነሱ አንዱን ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዲመርጡ አድርጊ።